የአጭር ግጥምን ድምፅ ስንተነትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ከማስተምራቸው ልጆች የምቀበላቸው የግጥም ትንታኔዎች ስለ ሐሳቡና ስለ ዘይቤው ጥሩ አድርገው ይጽፋሉ። ድምፁ ላይ ሲደርሱ ግን «ገጣሚው ድምፆችን ደጋግሞ ስለተጠቀመ ግጥሙ ውብ ሆኗል» ብለው ያልፋሉ። የትኛው ድምፅ፣ የት ቦታ፣ ምን ስለሠራ? ይህን የሚመልስ አላገኝም። ስህተቶቹን በተግባር ለማሳየት በክረምቱ አዌቱ ወንዝ ላይ አራት ስንኝ ገጥሜያለሁ፤ ከታች የምለው ሁሉ በእሷ ላይ ነው።

ዝናም ወርዶ ወርዶ፣ አዌቱ ሲሞላ፣
ማዶ ለማዶ ነን፣ የለም ሌላ መላ፤
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ጠብ ጠብ ሲል ጠፈሩ፣
ደጅ ጥርቅም አለ፣ ጠፋ ቁልፍ ካገሩ።

ከመቀጠልዎ በፊት ጮክ ብለው ያንብቧት።

በዓይን ማንበብ

የመጀመሪያው ስህተት ፊደል ቆጥሮ ድምፅ ቆጠርኩ ማለት ነው። ፊደላችን ለድምፅ ትንታኔ አመቺ ቢመስልም ሦስት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ መልካቸው ቢለያይም ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ጠብ» ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ክፍል ነው፤ «ቁልፍ» ሦስት ፊደል ሆኖ እሱም አንድ ቀለም ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት የሚከፈል መሆኑን በፊደል ቆጠራ አያገኙትም፤ በጣት እየመቱ ሲያነቡ ግን ወዲያው ይወጣል። ሦስተኛውና ከባዱ መጥበቅና መላላት ነው፤ ጨርሶ አይጻፍም። «ጥርቅም» ውስጥ ያለው ቅ ይጠብቃል። አንባቢው እሱ ላይ ትንፋሹን ይዞ ይለቃል፣ የደጁ መዘጋት የሚሰማውም እዚያው ላይ ነው። ቅን አላልቶ ያነበበ ሰው ስለዚህ ስንኝ ድምፅ የሚለው ነገር ይጎድለዋል።

በእኛ ከተማ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ብዙዎቻችን አፋን ኦሮሞም እንናገራለን፤ በዚያ ቋንቋ የአናባቢ መርዘምና ማጠር የቃሉን ፍቺ ይለውጣል። በአማርኛ ግን አይለውጥም። ስለዚህ «ማ...ዶ» ብሎ መሳብ የአንባቢው ምርጫ እንጂ የቃሉ ባሕርይ አይደለም። ትንታኔው ላይ «ረጅም አናባቢ ተጠቅሟል» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። አፍ በሰፊው የሚከፈትበትን ራብዕን ወይም ከንፈር የሚከብበትን ሳብዕን ደጋግሟል ማለት ግን ይቻላል።

ለድምፅ ቋሚ ትርጉም መስጠት

«ጠ ቁጣን ያሳያል»፣ «ለ ፍቅርን ያሳያል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በየትንታኔው አሉ። ጥጥ ከምናውቃቸው ነገሮች ሁሉ ለስላሳው ነው፤ ስሙ ግን ከጠ በቀር ሌላ ተነባቢ የለውም። ጤናና ጣፋጭም አሉ። ድምፅ ለብቻው ስሜት የለውም።

ያለው ነገር አፍ ውስጥ የሚሆነው ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ሲነገሩ ጉሮሮ ይዘጋል፣ አፍ ውስጥ የታፈነው አየር ፈንድቶ ይወጣል፤ ፈንጂ ድምፆች የምላቸው እነዚህን ነው። መ፣ ነ እና ለ ደግሞ ትንፋሽ እስካለ ድረስ ሳይቋረጡ ሊሳቡ ይችላሉ። ግጥሙ ስለ መዘጋት ሲናገር የሚዘጉት ድምፆች አብረውት ይዘጋሉ፤ ስለ ማጣት ሲናገር የሚሳቡት አብረውት ይሳባሉ። ፍቺው ይቀድማል፣ ድምፁ ያጠነክረዋል። ስለ ጥጥ ፈተላ የተገጠመ ስንኝ ውስጥ ያው ጠ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ብዛትን ብቻ መቁጠር

እኔ ከሁሉም በላይ የምከራከርበት ይሄ ነው። መ፣ ነ፣ ለ፣ ተ እና የ በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ በየቦታው አሉ፤ ማንኛውም የጋዜጣ ዓረፍተ ነገር ሞልቷቸዋል። ስለዚህ «ለ አምስት ጊዜ ተደግሟል» ማለት ገና ምንም አያረጋግጥም። ጠቃሚው ጥያቄ ድምፁ የት ላይ ተለወጠ የሚለው ነው።

አራቱን ስንኞች እንያቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውስጥ ከፈንጂዎቹ ድምፆች አንድም የለም። ሁለተኛው ስንኝ ውስጥማ ከሁለቱ «ዶ» በቀር የቀሩት ተነባቢዎች መ፣ ለ፣ ነ እና የ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ስንኝ ሲጀምር «ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ጠብ ጠብ ሲል ጠፈሩ» ሰባት ፈንጂ ድምፅ በአንድ ስንኝ ይወርዳል፣ አራተኛው አራት ይጨምራል። ድባቡ ከትካዜ ወደ መታፈን የሚዞረው እዚህ ነው፤ ጆሮ የሚደነግጠውም ከሁለት ስንኝ ዝምታ በኋላ ስለመጡ ነው።

ይህን ለመፈተን አንድ መንገድ አለ፤ ስንኙን በተቀራራቢ ፍቺና በእኩል ቀለም መተካት። ሁለተኛውን እንዲህ እናድርገው፦

ተለያይተን ቀረን፣ ብልሃቱም ጠፋብን፤

ምጣኔው ያው ስድስት ስድስት ነው፣ ሐሳቡም ብዙ አልራቀም። ቤት መምታቱ ስለፈረሰ እሱን ለጊዜው እንተወውና ውስጡን እናዳምጥ። ቀ እና ጠ ከጊዜያቸው ቀድመው ገቡ፤ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ድምፁ ከእንግዲህ አዲስ አይደለም። ከዚህም በላይ አንድ ክር ተበጠሰ። «ወርዶ ወርዶ» እና «ማዶ ለማዶ» አንድ «ዶ» አራት ጊዜ ይጋራሉ፤ ዝናሙ ደጋግሞ በወረደ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች መራራቃቸውን የሚያያይዘው ይህ ድምፅ ነው፣ ስንኙ በቃላት አልተናገረውም። በተተካው ስንኝ ግን ዝናሙና መለያየቱ ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ሆነው ቀሩ። ተክተው ሲያነቡ ምንም ካልጎደለ፣ ያገኙት ድግግሞሽ የቋንቋው ልማድ ነው ማለት ነውና ከትንታኔው ያውጡት።

ቤት መምታትን ብቻ ማየት

ላ ከላ፣ ሩ ከሩ መግጠሙን ማንም ያያል። ከላይ እንዳየነው «ዶ» ያሉት ግን የስንኙ መጨረሻ ላይ አይደሉም፤ አንዱ ልክ ከመካከሉ እረፍት በፊት ነው፣ ሦስቱ ደግሞ ሐረጉ ውስጥ ናቸው። ትንታኔያችሁን ከስንኙ መሐል ጀምሩ።

ሁሉንም ድምፅ አስመሳይ ማለት

«ጠብ ጠብ» እና «ሲንጣጣ» የዝናሙን ድምፅ ያስመስላሉ። «ቁልፍ» እና «ጠፋ» ግን ምንም አያስመስሉም፤ ቁልፍ ሲጠፋ ድምፅ የለውም። ሆኖም ከእነ «ጠብ ጠብ» ኋላ ስለመጡ ያን ጭንቀት ይወርሳሉ። ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ ይገባል፤ አንዱ ማስመሰል ነው፣ ሌላው ከጎረቤቱ መዋስ።

ለሁሉም ነገር ምክንያት መፈለግ

አንዳንዱ ድምፅ የመጣው ገጣሚው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው። «ጠፋ ቁልፍ ካገሩ» ላይ የቃላቱ ቅደም ተከተል የተገለበጠው «ጠፈሩ» ቤት እንዲመታ ነው፤ «ካገሩ» ውስጥ ያሉት ገ እና ረም ከስንኙ ፈንጂ ድምፆች ጋር ዝምድና የላቸውም። ይህን ቦታ «ገ የስደትን ስሜት ይፈጥራል» ብሎ ከመተርጎም፣ ቤት ለመምታት የተመረጠ ቃል መሆኑን ጽፎ ማለፍ ይሻላል። የሚተነተነው እዚያው ስንኝ ላይ ያለው የ«ጥርቅም» ቅ ነው።