የሁለተኛ ደረጃ ሪከርሲቭ ፊልተር ውጤቱ ሲሸሽ፦ ጥፋቱን በጁሪ መስፈርት ማግኘት

ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖችን ስጠግን ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥፋት፣ ሚዛኑ ላይ ምንም ሳይጫን ቁጥሩ ዝም ብሎ መሸሹ ነው። ሽቦው፣ የኃይል ምንጩና ሴንሰሩ ተፈትሸው ደኅና ከሆኑ ጥፋቱን የምፈልገው በፊልተሩ ሁለት የፊድባክ ቁጥሮች ውስጥ ነው። ፊልተሩን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

```
y[n] = b0*x[n] + b1*x[n-1] + b2*x[n-2] - a1*y[n-1] - a2*y[n-2]
```

በወሰን ውስጥ ያለ ግብአት ሁሉ በወሰን ውስጥ ያለ ውጤት እንዲሰጥ፣ የፊልተሩ ታህት የሆነው የz² + a1*z + a2 ሁለት ሥሮች፣ ማለትም ፖሎቹ፣ ከአሃዱ ክብ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። የጁሪ መስፈርት ሥሮቹን ማስላት ሳያስፈልግ ይህን በሦስት ፍተሻ ይለያል፦

```
1 + a1 + a2 > 0
1 - a1 + a2 > 0
|a2| < 1
```

ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል ፊልተሩ አይረጋጋም፤ ልክ እኩል መሆንም እንደ መውደቅ ይቆጠራል። የy[n] ኮፊሸንት a0 1 ካልሆነ ሁሉንም ኮፊሸንት በቅድሚያ ለእሱ ማካፈል ያስፈልጋል።

የወደቀው ፍተሻ የትኛው እንደሆነ ከውጤቱ መልክ መገመት ይቻላል። ውጤቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያደገ ከሄደ የመጀመሪያው ፍተሻ ወድቋል። በየናሙናው ፕላስና ማይነስ እየተፈራረቀ ካደገ ሁለተኛው ነው። እንደ ማዕበል እየተወዛወዘ ካደገ ደግሞ ብዙ ጊዜ a2 ከ1 በልጧል።

እኔ አዘውትሬ የማየው ሁለተኛውን ሲሆን፣ መነሻው የምልክት መምታታት ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ በሴኮንድ 1000 ናሙና በሚወስድ ሰሌዳ ላይ የመብራት ኃይሉን የ50 ኸርዝ ጩኸት የሚቆርጥ ፊልተር ሠርቶ አመጣልኝ። የፖሎቹ ርቀት ከመሃል 0.98 ስለነበር a1 = -1.8641 እና a2 = 0.9604 ነበሩ። «ጋሼ፣ በወረቀት ፈትሼዋለሁ፣ አልፏል» አለኝ፤ እውነቱንም ነበር፤ የመጀመሪያው ፍተሻ 0.0963፣ ሁለተኛው 3.8245 ይወጣል፣ a2ም ከ1 ያንሳል። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን ያወጣው በSciPy ነበር፤ SciPy ደግሞ ፊድባኩን የሚቀንስ እኩልታ ይከተላል። ሰሌዳው ላይ የተጠቀመበት የCMSIS-DSP ፈንክሽን ግን ፊድባኩን ይደምራል። ስለዚህ ማሽኑ በተግባር ያስኬደው a1 = +1.8641 እና a2 = -0.9604 ነው፤ ሁለተኛው ፍተሻ -1.8245 ሆኖ ይወድቃል። አንደኛው ፖል -2.284 ላይ ስለሚያርፍ ውጤቱ በየናሙናው ምልክቱን እየቀየረ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ በ32 ቢት ፍሎት ከመቶ ጥቂት በሚበልጡ ናሙናዎች፣ ማለትም በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ፣ ቁጥሩ ሞልቶ ይፈስሳል።

መፍትሄው የሁለቱንም ምልክት መገልበጥ ነው። አንዱን ብቻ ገልብጦ መተው ግን ከመጀመሪያው የከፋ ነው። a1 ብቻ ከተገለበጠ የመጀመሪያው ፍተሻ -1.8245 ሆኖ ይወድቃል፤ ይህ ቢያንስ ወዲያው ይታያል። a2 ብቻ ከተገለበጠ ግን ሦስቱም ፍተሻዎች ያልፋሉ፤ ፖሎቹ ወደ 450 ኸርዝ ይዛወሩና በዚያ ድግግሞሽ ያለውን ጩኸት ያጎላሉ። ፊልተሩ የተረጋጋ ቢሆንም የተሳሳተ ፊልተር ነው፤ የጁሪ መስፈርት ደግሞ የሚናገረው ስለ መረጋጋት ብቻ ስለሆነ ይህን አይይዝም። ስለዚህ ከመፈተሽ በፊት ኮዱ የሚያስኬደውን እኩልታ በእጅ ጽፎ፣ a1 እና a2ን ከዚያ ማንበብ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የግዴለሽነት ውጤት ስለሆነ ያናድደኛል። የሚዛን ንባብ ለማለስለስ በሴኮንድ ለ1000 ናሙና የተሠራ የ1 ኸርዝ ባተርዎርዝ ፊልተር a1 = -1.99111429 እና a2 = 0.99115360 አለው፤ የመጀመሪያው ፍተሻ 0.0000393 ብቻ ነው። ስክሪን ላይ ያየውን ከነጥብ በኋላ በሦስት ዲጂት አሳጥሮ -1.991 እና 0.991 ብሎ የሚገለብጥ ሰው ልክ ዜሮ ያገኛል። ፖሉ 1 ላይ ይቆምና ፊልተሩ ደማሪ ይሆናል፤ ሴንሰሩ ትንሽ ቋሚ ቮልቴጅ ቢሰጥ እንኳ ባዶው ሚዛን ያለማቋረጥ ይከብዳል። በአራት ዲጂት፣ -1.9911 እና 0.9912፣ ፍተሻው 0.0001 ይሆናልና ያልፋል፤ ነገር ግን b0፣ b1 እና b2 ሳይቆረጡ ከቀሩ 100 ኪሎ 39 ኪሎ ገደማ ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ኮፊሸንቶቹን በሙሉ ዲጂታቸው መገልበጥ፣ ፍተሻውንም በወረቀቱ ሳይሆን ሰሌዳው ውስጥ በተቀመጡት ቁጥሮች ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

አልፎ አልፎ ላዕሉ የማይረጋጋውን ፖል ይሰርዘዋል፤ ይህ ግን በወረቀት እንጂ በተቆራረጡ ቁጥሮች ላይ አይጸናም።

አሁን ማንኛውንም ሰሌዳ ከመመለሴ በፊት ሲነሳ ሦስቱን ፍተሻዎች፣ ከእነሱም ጋር ቋሚ ግብአት በስንት እንደሚባዛ የሚያሳየውን (b0+b1+b2)/(1+a1+a2)ን እንዲያትም አደርገዋለሁ፤ ለሚዛን ማለስለሻ ይህ ቁጥር 1 ካልወጣ ሚዛኑ ከወርክሾፑ አይወጣም።