ወይን ጠጁ ለምን ቡናማ ይሆናል? ቀለም በማዋሃድ ትምህርት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰጥቶ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ እንዲያወጡ ማድረግ በዕቅድ ላይ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ብርቱካናማው ይሳካል፣ አረንጓዴው ይደፈርሳል፣ ወይን ጠጁ ደግሞ የቡና አተላ መስሎ ይቀራል። ጥፋቱ የልጆቹ እጅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዝግጅቱ ነው። ለምሳሌነት ጅማ ውስጥ 48 ልጆች ያሉበትን ክፍል እንውሰድ። አራት አራት ሆነው በ12 ቡድን ተቀምጠዋል፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው።

ቀይ የተባለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉም በላይ ትምህርቱን የሚያበላሸው ይህ ነው። ገበያ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንዱ በርበሬ የሚመስለው፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላው ነው። ሌላው ወደ ሮዝ የሚያደላው፣ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ያለው ነው። በርበሬ የሚመስለው ቀይ ከቢጫ ጋር ድንቅ ብርቱካናማ ይሰጣል። ከሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ግን ቡናማ ይሆናል፤ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሦስቱን መሠረታዊ ቀለሞች አንድ ላይ እንደማፍሰስ ነውና። ሦስቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ የሌላውን ብርሃን ይውጠዋል፤ የሚተርፈው ድፍርስ ቀለም ነው።

የያዙት ቀይ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩና በርጥብ ጣት ወደ ጎን ይሳቡት። የሳሳው ጠርዝ ወደ ብርቱካን ከሄደ ለወይን ጠጅ አይሆንም። ሮዝ ሆኖ ከሳሳ ይሆናል። ሰማያዊውንም እንደዚሁ ይሞክሩት፤ ሲሳሳ ወደ አረንጓዴ የሚያጋድለው ለአረንጓዴ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያጋድለው ለወይን ጠጅ ይሻላል። በርበሬ የሚመስለው ቀይ ብቻ ከተገኘ አንድ ብልቃጥ ደማቅ ሮዝ ቀለም ጨምሮ መግዛት ያዋጣል። ማተሚያ ቤቶችም ቀለም የሚያዋህዱት በበርበሬ ቀይ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ደማቅ ሮዝ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በትክክል የተዋሃደ ወይን ጠጅም ክዳን ውስጥ ወፍሮ ሲታይ ጥቁር ይመስላል። ልጁ «ጠቆረብኝ» ብሎ ሳይተወው በፊት ወረቀት ላይ አሳስቶ ይቀባው፣ ወይም አንድ ጠብታ ነጭ ይጨምርበት፤ ቀለሙ ወዲያው ይገለጣል።

እኩል በእኩል ማዋሃድ

«ግማሽ ቢጫ፣ ግማሽ ሰማያዊ» የሚል መመሪያ የሚጠበቀውን አረንጓዴ አያወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላ በጣም ጥቁር አረንጓዴ ያወጣል። ሰማያዊ ኃይለኛ ነው፤ ቢጫ ደካማ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ መነሻው ምንጊዜም ፈዛዛው ቀለም ይሁን፣ ጠንካራው በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ልጆቹ ከተገላቢጦሽ ከጀመሩ፣ ማለትም ሰማያዊ ላይ ቢጫ ካፈሰሱ፣ የክፍሉ ቢጫ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለሙን እንደ ወተት እስኪፈስ በውሃ ያቅጥኑት። መርፌ በሌለው ስሪንጅ 3 ሚሊ ሊትር ቢጫ በሃይላንድ ክዳን ይቅዱ፤ ሰማያዊውን በሌላ ክዳን 2 ሚሊ ሊትር ያድርጉ። ልጁ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጫፍ ሰማያዊው ውስጥ አንድ ጊዜ ነክሮ ወደ ቢጫው ያስገባና ያማስላል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ ያኖራል። ደግሞ ይነክራል፣ ያማስላል፣ ከፊተኛው ነጥብ አጠገብ ሌላ ነጥብ ያኖራል። አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋግመው ወረቀቱ ላይ ከቢጫ ተነስቶ በእሸት በቆሎ ቅጠል መልክ አልፎ ጥቁር አረንጓዴ የሚደርስ መስመር ይታያል። ልጁ ያኔ አረንጓዴ አንድ ብቻ እንዳልሆነ በዓይኑ ያያል፤ በቃል ብንነግረው አይገባውም ነበር። አራቱ ልጆች በየተራ እንዲነክሩ ያድርጉ፤ የማማሰሉ ተራ ያልደረሰው ነጥቡን ይቀባል።

ሦስቱንም ቀለም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ማኖር

የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሦስት ክዳን ካለ ሦስቱንም ያፈሳል፤ ጠባዩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢጫና ቀይ ብቻ ይታደል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ቀዩ ይሰብሰብ፣ ከዚያ አዲስ ቢጫና ሰማያዊ ይምጣ። ለ12 ቡድን 72 ሚሊ ሊትር ቢጫ፣ 24 ሚሊ ሊትር ቀይና 24 ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ይበቃል። ወይን ጠጁ ለብቻው ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይቆይ፤ ጊዜ የሚፈጅና ብዙ የሚያስቸግር እሱ ነው።

ሌላው የመደፍረስ ምንጭ መታጠቢያው ውሃ ነው። ለሁሉም ቀለም አንድ ጣሳ ውሃ ከቀረበ ውሃው በሁለተኛው ዙር ግራጫ ይሆናል፤ እሱን የጠጣ ብሩሽ ደግሞ ቢጫውን ያቆሽሻል። ለዚህ ነው ከብሩሽ ይልቅ ጥጥ የምንመርጠው፤ አይታጠብም፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ጥጥ ይኖረዋል። ሥራው ሲያልቅ የቀዩንና የሰማያዊውን ክዳኖች ይመልከቱ። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ወይም ቀዩ ወደ ቆሻሻ ብርቱካን ከሄደ ጥጥ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ያንን ክዳን ወደ ብልቃጡ አይመልሱት።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ

ልጆችን «ሦስቱ መሠረታዊ ቀለሞች የትኞቹ ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ የሰንደቅ ዓላማውን ሦስት ቀለሞች በደስታ ይጠሩልዎታል። ሦስት ቀለም ሲባል በልባቸው ያለው ይኸው ነውና አይፈረድባቸውም። «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ የሚፈትኑበትን ጥያቄ ያስይዟቸው፦ «ይህን ቀለም ከሌሎች ሁለት ቀለሞች መሥራት እንችላለን?» አረንጓዴን ሠርተውታል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ቢጫን ከየትኞቹ እንሥራው? ይሞክሩ፤ አያገኙትም።

እግረ መንገዳችንን፣ ጅማ ውስጥ የቡና ፍሬ ለቀለም ትምህርት ቅርብ ምሳሌ ይመስላል፤ ከአረንጓዴ ተነስቶ ቢጫ ቢጫ እያለ ይቀላል። ግን ያ መብሰል እንጂ መዋሃድ አይደለም። ፍሬውን ለማመሳሰያ ይጠቀሙበት፣ «ከነጥቦቻችሁ የትኛው ይህን ጥሬ ፍሬ ይመስላል?» ብለው። ለመዋሃድ ማስረጃ ካደረጉት ልጆቹ አረንጓዴ ላይ ቀለም ጨምረው ቀይ ለማውጣት ይደክማሉ።

ወረቀቱና ዝናቡ

የደብተር ወረቀት ርሶ ይቀደዳል፤ የካርቶን ጀርባ ደግሞ ቡናማ ስለሆነ ቢጫውን ይውጠዋል። ነጭ ወፍራም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለነጥብ ሥራ ለአንድ ቡድን ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ጅማ ገና ዝናብ አለ፤ ወረቀቱ ቶሎ አይደርቅም። ደራርበው ካስቀመጡት የዛሬው ነጥብ በማግስቱ ከላዩ ባለው ወረቀት ጀርባ ላይ ይገኛል። ገመድ ወጥረው በልብስ መቆንጠጫ ይስቀሉት። ደመና በከበደ ቀን ደግሞ የወይን ጠጁን ሥራ ወደ መስኮትና ወደ በር አጠገብ ያምጡት፤ በጨለማ ክፍል ወይን ጠጅና ሰማያዊ አይለዩም፣ ልጆቹም ትክክለኛ ሥራቸውን ተበላሸ ብለው ይጥሉታል።