ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዝን ሲወጋ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሌሊቱን ሙሉ ያላመመ ተረከዝ፣ ጠዋት ከአልጋ ወርደው መሬት ሲረግጡ ሚስማር እንደተሰካበት ይወጋል። ጥቂት ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ ይለዝባል። በርጩማ ላይ ቆይተው ሲነሱ ይመለሳል፤ ቀኑን ሙሉ ከቆሙ ደግሞ ማታ ይብሳል። እዚህ ጅማ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሌ ከሚመጡ የእግር ሕመሞች ይህን ያህል የሚደጋገም የለም። አብዛኞቹ የሚመጡት "ብርድ ነው" ተብለው፣ ካልሲ ደርበውና ቅባት ታሽተው ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

መንስኤው

ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም የጅማት ንጣፍ አለ፤ ፕላንታር ፋሺያ ይባላል። የውስጥ እግርን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ስለሚዘነበል ንጣፉም የባት ጡንቻም አጥረው ያድራሉ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይስባቸዋል። ሕመሙ ጠዋት የሚበረታው ለዚህ ነው። ሲቆይ ደግሞ ነገሩ እብጠት ከመሆን ይልቅ የጅማቱ ክሮች መጎሳቆል ስለሚሆን፣ የማስታገሻ ኪኒን ለሰዓታት ያደነዝዘው እንደሆነ እንጂ አያድነውም።

የባት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ስንራመድ ሰውነታችን በረገጥነው እግር ላይ ወደ ፊት ያልፋል፤ ለዚያ ቁርጭምጭሚት መታጠፍ አለበት። ባት ካጠረና ከተገተረ ቁርጭምጭሚት በደንብ አይታጠፍም፣ ተረከዝ ቀድሞ ይነሳል፣ ክብደቱም ወደ እግር ፊት ዞሮ ንጣፉን ይወጥረዋል። ወደ ጅሬን ዳገት ሲወጡ ሕመሙ የሚብስባቸው ሰዎች ይህን በራሳቸው እግር ያውቁታል።

ለማረጋገጥ፣ በአንድ እጅ አውራ ጣትን ወደ ላይ ስባችሁ በሌላው እጅ ከተረከዝ ሥር፣ በውስጠኛው ጎን፣ ወደ ቅስቱ ሊገባ ሲል ያለውን ቦታ ጫኑት። ቦታው አንድና የታወቀ ከሆነ፣ ሲነካም ካዘለላችሁ፣ ሌላ ብዙ መፈለግ አያስፈልግም። ራጅ ተነስታችሁ "አጥንት በቅሏል" ብትባሉም አትደንግጡ፤ ያ ትርፍ አጥንት ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ላይም ይገኛል።

የሚቃጠልና የሚደነዝዝ ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ተረከዝን ከግራና ከቀኝ ሲጨምቁት የሚያም፣ ሌሊትም የማይተው ከሆነ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በወጣት ሰው ላይ ሁለቱም ተረከዞች ታመው ወገቡም ጠዋት ለረጅም ጊዜ የሚገተር ከሆነ የመገጣጠሚያ በሽታ ይጠረጠራል። ሦስቱም ሐኪም ጋር ይሂዱ።

ሁልጊዜ የሚበላሸው ነገር፦ የባት ማፍታታት

"ባትዎን ያፍታታሉ?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም "አዎ" ይላል። እስቲ ያሳዩኝ ስል ትክክል የሚሠራ ከስንት አንድ ነው። አንዱ ተረከዙን ያነሳል፤ ሌላው እግሩን ወደ ውጭ ያዞራል። ሦስተኛው ግድግዳውን እየገፋ ያወዛውዛል፤ እስከ አምስት ሳይቆጥር ይተወዋል።

አንዲት የቁርስ ቤት ያላቸው እናት ነበሩ። ከንጋት ጀምሮ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆመው ፉል ያወጣሉ። "ልጄ፣ ለሱብሂ ስነሳ ውዱ ወደማደርግበት በዳዴ ነው የምሄደው" አሉኝ። በወረቀት የተሰጣቸውን ማፍታታት ለሁለት ወር ሠርተው ለውጥ አላዩም። አስደግፌ ሳያቸው የቀኝ እግራቸው ጣት ወደ በሩ ዞሯል፤ ቅስቱ ወደ ውስጥ ተደፍቷል። እንደዚያ ሲሆን የሚሳበው ባት ሳይሆን የታመመው ንጣፍ ነው። የጎዳቸውን ነገር በየቀኑ በትጋት ይደግሙት ነበር ማለት ነው።

ጫማ አስወልቄ ጉልበታቸውን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳውን ሲነካ፣ ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ይለካል፤ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ደህና ነው። ግራቸው 9፣ ቀኛቸው 5 ሆነ። ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው የሁለቱ እግሮች ልዩነት ነው። ይህ ልኬት ጉልበት ታጥፎ ስለሆነ የሚያሳየው የታችኛውን የባት ጡንቻና ቁርጭምጭሚቱን ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ማፍታታት አይበቃቸውም ነበር።

የሰጠኋቸው ይህ ነው። ግድግዳ ተደግፈው የታመመውን እግር ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ጣቶቹ ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ያያሉ፤ ተረከዙ መሬት ላይ ይጣበቃል፤ ቅስቱ እንዳይደፋ ከሥሩ የተጠቀለለ ትንሽ ጨርቅ ይገባል። በመጀመሪያ ጉልበት ተዘርግቶ 30 ሴኮንድ፤ ይህ የላይኛውን ጡንቻ ይይዛል። ከዚያ ኋላ ያለውን እግር ትንሽ አስጠግተው፣ ተረከዙን ሳያነሱ ጉልበቱን አጥፈው ሌላ 30 ሴኮንድ። እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ባት ላይ መወጠር ይሰማል፤ ተረከዝ ሥር ከወጋ ግን አቋቋሙ ተበላሽቷል፣ አቁማችሁ አስተካክሉት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ እግር መሬት ሳይነካ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያነባብራሉ። ጣቶቹን በእጅ ወደ ቅልጥም ስበው እስከ አሥር ይቆጥራሉ፤ አሥር ጊዜ ይደግሙታል። በሌላው እጅ ቅስቱን ሲዳስሱት ንጣፉ እንደ ገመድ ከተወጠረ ልክ ነው። ከተራመዱ በኋላ የተሠራ ግን የጠዋቱን ሕመም አይቀድመውም፤ ሰው ሁሉ የሚዘላት ደግሞ ይህችኑ ናት።

ሕመሙ ትንሽ ሲለዝብ ማጠንከሪያ ጨመርኩላቸው። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ከጣቶች ሥር ፎጣ ጠቅልለው፣ ተረከዛቸውን በሦስት ሴኮንድ ያነሳሉ፤ ሁለት ሴኮንድ ቆመው በሦስት ሴኮንድ ያወርዳሉ። ይህ በየሁለት ቀኑ ነው፤ በየቀኑ ከሆነ ጅማቱ የሚያገግምበት ጊዜ ያጣል። ከሁለት ወር በኋላ የቀኝ እግራቸው 8 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ ከአሥር ስምንት ይሉት የነበረው የጠዋት ሕመም ሦስት ሆነ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ይህ ሕመም ለብዙዎች ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይወስዳል፤ "በሁለት ሳምንት አድንሃለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጫማ

እነዚያ ገበያ ላይ የተከመሩ ስስ ነጠላ ጫማዎች! ሲገዙ ይለሰልሳሉ፣ በወር ውስጥ ተረከዛቸው ወረቀት ያክላል። ጫማ ስትገዙ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ ከተጠመዘዘ መልሱት። መታጠፍ ያለበት ከመሃሉ ሳይሆን ከጣቶች መነሻ ላይ ነው፤ ተረከዙም ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይበል። ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር መሄድ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ እስኪሻል ድረስ ይቅር። አልጋ ሥር ጫማ ይቀመጥ።

መርፌ

የተረከዝ መርፌ ለሳምንታት ያስታግሳል። ችግሩ የሚብሰው ሲደጋገም ነው፤ ንጣፉ ሊበጠስ፣ ከተረከዝ ሥር ያለው የስብ ትራስም ሊሳሳ ይችላል፤ የሳሳ ትራስ ደግሞ አይመለስም። አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ተወግቶ ሕመሙ ሲጠፋለት በሦስተኛው ቀን ጨዋታ ገባ። ቅስቱ ውስጥ "ጧ" የሚል ሰማ፤ በማግስቱ ውስጥ እግሩ በልዞ መጣ። ከተወጋችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አትሩጡ፤ ማፍታታቱንም አታቁሙ።

የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ በረዶ ጠርሙስ በውስጥ እግር ማንከባለልም ሆነ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ አይሞከርም፤ ሳይሰማችሁ ትቆስላላችሁ። ለሌላው ሰው የበረዶ ጠርሙሱ ማታ ማታ ለአሥር ደቂቃ ቢደረግ አይጎዳም፤ ብዙም አይጠቅምም።