ቃሉ ጠፍቶ ምቱ ብቻ የቀረ ዘፈን ስትፈልጉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የዘፈን ምርጫ ስልክ ለረጅም ጊዜ አንስቻለሁ። «ርዕሱን አላውቀውም፣ ዘፋኙንም አላውቀውም፣ ግጥሙም ጠፍቶብኛል፤ ግን እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ «ታታታ ታታ» የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ዜማውን የያዘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሲያንጎራጉር አንዱ ያውቅለታል። ይህን የምጽፈው ዜማው ተምታቶበት የቃላቱ ምት ብቻ ጭንቅላቱ ውስጥ ለሚመላለስበት ሰው ነው። ምት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ግን አብዛኛው ፈላጊ ገና ሳይጀምር ማስረጃውን ራሱ ያበላሸዋል።

ጠረጴዛ እየመቱ «አወቅከው?» ማለት

እናንተ ጠረጴዛውን ስትመቱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ዘፈኑ ከነሙዚቃው እየተጫወተ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ግን ኳ ኳ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤሊዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህንኑ ለመመረቂያ ጥናቷ ፈትናዋለች። ሰዎች በጣም የታወቁ ዘፈኖችን በጣታቸው እንዲመቱ አደረገች፤ ከተመቱት 120 ዘፈኖች አድማጮች ያወቁት 3ቱን ብቻ ነበር። መቺዎቹ ግን ግማሽ ያህሉ ይታወቅልናል ብለው ገምተው ነበር። እንግዲህ የታወቀ ዘፈን እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ያላስታወሰውን ዘፈን ጓደኛው ከኳኳታ ያውጣልኝ ማለት የዋህነት ነው። ጓደኛ አላውቀውም ሲል የሚቀየሙም አጋጥመውኛል።

በጣት አትምቱ፤ በአፍ አውጡት። አፍ ጣት የማይችለውን ያደርጋል፤ የትኛው ምት እንደሚከብድና የትኛው እንደሚቀል፣ የትኛውም በምን ድምፅ እንደሚዘጋ ያሳያል። መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቃል አስቡ። በዚያ መሃል ሌላ ዘፈን አትክፈቱ።

በፊደል መቁጠር

ይህኛው ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ነው። ሰዎች አምስት ምት ይዘው ይመጡና አምስት ፊደል ያለው ቃል ፍለጋ ይገባሉ። ሊቅ የሚባሉ ሰዎች ሳይቀሩ! ፊደላችን ለዓይን አንድ አንድ ሆኖ ስለተደረደረ እያንዳንዱ አንድ ምት ይመስላል። ጆሮ ግን የሚቆጥረው ቀለም ነው፤ ቀለም ማለት አፍ በአንድ ግፊት የሚያወጣው ድምፅ ነው። «ስንት» ሦስት ፊደል ነው፣ ምቱ ግን አንድ። «ፍቅር» ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ምት ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይመታል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ዝም ይላል። ይህን ከወረቀት ላይ ማየት አይቻልም፤ አፍን ከፍቶ ማለት ያስፈልጋል።

ይባስ ብሎ ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ፤ ፊደሉ እሱንም አያሳይም። «አልመጣም» ሲጠብቅ እሱ ቀረ ማለት ነው፤ ሲላላ እኔ እቀራለሁ ማለት ነው። ሁለቱም ሦስት ሦስት ምት ናቸው። ልዩነቱ የመሃሉ ምት ነው፤ ሲጠብቅ በተነባቢ ተዘግቶ ይከብዳል፣ ሲላላ በአናባቢ ክፍት ሆኖ ይቀላል። ፊደል የሚቆጥር ሰው ይህን ሁሉ ይጥለዋል።

አንዲት ደዋይ ነበረች፤ የአዝማቹ አንድ መስመር ቀን ከሌሊት የሚመላለስባት። «አምስት፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ እንደገና አምስት ነው» አለችኝ። አምስት አምስት ፊደል ያላቸውን ሐረጎች በወረቀት ላይ ደርድራ ስትፈልግ ሰንብታለች። የዘፈኑን ቃል ትቼ በልኩ የሰፋሁትን ስንኝ ላስቀምጥላችሁ፦

«ሳትነግሪኝ ሄደሽ፣ ማንን ልጠይቅ»

ፊደሉን ቁጠሩት፤ በስተግራ ዘጠኝ፣ በስተቀኝ ሰባት ነው። በአፍ ስትሉት ግን ሁለቱም አምስት ናቸው፦ ሳት፣ ነግ፣ ሪኝ፣ ሄ፣ ደሽ፤ ማን፣ ንን፣ ል፣ ጠይ፣ ይቅ። ይህች ሴት በፊደል ፍለጋዋ ትክክለኛውን ስንኝ አጠገቧ ብታገኘው እንኳ ረዝሟል ብላ ትጥለው ነበር።

«እህቴ፣ ወረቀቱን ተዪውና ቀላሉን ምት ታ፣ ከባዱን ጣም እያልሽ በይልኝ» አልኳት። ትንሽ አመነታችና «ጣም ጣም ጣም ታ ጣም፤ ጣም ጣም ታ ጣም ጣም» አለች። ይህቺ ትልቅ ነገር ናት። አምስት ለአምስት ሆኖ ሳለ ቀላሉ ምት ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ቦታ ተዛውሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከራሱ አይፈጥርም። ቀጥዬ እያንዳንዱ ግማሽ በምን ድምፅ እንደሚዘጋ ጠየቅኳት። የሁለተኛውን አላወቀችም፤ የመጀመሪያው ግን «ሽ ይላል» አለች።

ሽ ካለ ዘፋኙ ሴት እያናገረ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉም ግሥ ይሆናል። አራተኛው ቀላል፣ አምስተኛው በሽ የሚዘጋ። እዚህ ላይ ምቱ ወንፊት ሆነ። ስለ መለየት በሚዘፈኑ ዘፈኖች የሚደጋገሙትን ቃላት አንድ በአንድ አሳለፍንበት። ጠፍተሽ፣ መጥተሽ፣ ቀርተሽ፣ ረስተሽ፦ የመጀመሪያው ምታቸው በተነባቢ ስለሚዘጋ ይከብዳል፤ ወደቁ። ጠፋሽ፣ ቀረሽ፣ መጣሽ፦ ይጠብቃሉና እነሱም ወደቁ። የቀሩት ሄደሽ፣ ጥለሽ፣ ቆመሽ፣ ኖረሽ ነበሩ። «ሄደሽ» ስላት ስልኩ ላይ ዝም አለች፤ ወዲያው ከፊቱ ያሉት ሦስት ከባድ ምቶች ራሳቸው ቃል ሆነው መጡላት። ሦስትና አራት ቃል ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ኢንተርኔት ላይ ጽፎ መፈለግ ብቻ ነው።

ክፍተቱን በራስ ቃል ሞልቶ ማመን

ጭንቅላት ባዶ ምት አይወድም። ልኩ የሆነ ቃል ካገኘ ይሰካበታል፤ ደጋግማችሁ ካላችሁት በማግሥቱ ዘፈኑ ከመጀመሪያው እንዲያ ይል የነበረ ይመስላችኋል። ከዚያ ያንን ቃል ጽፋችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ሲጠፋ ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ የለም ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ዘፈኑ አለ፤ የሌለው እናንተ የፈጠራችሁት ቃል ነው።

የተሰካውን ቃል የሚያጋልጠው ክብደቱ ነው። «ሄደሽ» በነበረበት ቦታ «ጠፍተሽ» ብትሉ ቁጥሩ አይጓደልም፤ ትርጉሙም ያስኬዳል። ግን አራተኛውን ምት ያከብደዋል፤ በፊት የቀዳችሁትን ስትሰሙ ቅር የሚላችሁ ያኔ ነው። ስለዚህ ወደ ቅጂው ተመለሱ እንጂ ወደ ትዝታችሁ አትመለሱ፤ ትዝታው በአዲሱ ቃል ተበክሏል። ሌላው ምልክት ቃሉ በምን በኩል እንደመጣ ነው። በድምፅ በኩል የመጣ፣ ለምሳሌ ያቺ ሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ነው። «ስለ ናፍቆት ስለሆነ እንዲህ ሳይል አይቀርም» ተብሎ በትርጉም በኩል የመጣ ቃል እስኪረጋገጥ ድረስ ጥያቄ ምልክት ይደረግበት።

አዘግይቶ ማለት

ሰው ምቱን ልቁጠር ሲል ያዘገየዋል። ፍጥነቱ ግን ከምታስታውሱት ነገር አስተማማኝ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ዳንኤል ሌቪቲንና ፔሪ ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የሚያውቁትን ዘፈን ከትዝታቸው ሲዘፍኑ ከ100 ሙከራ 72ቱ ከዋናው ቅጂ ፍጥነት የራቁት ከ8 በመቶ ባልበለጠ ነበር። በጭንቅላታችሁ በሚሄድበት ፍጥነት ቅዱትና ቅጂውን አዘግይታችሁ ቁጠሩ።

የሁሉም የሆነ ምት ላይ መድከም

«ስድስት በስድስት ነው» የሚሉኝ አሉ። ይህ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ነው፤ ስፍር ቁጥር የሌለው የአማርኛ ግጥም በዚህ ልክ ተጽፏል። አምስት በአምስት ሰንጎ መገን ነው፣ አራት በአራት ቡሄ በሉ ነው፤ እነሱም ያው ናቸው። የቤቱን ዓይነት ማወቅ ዘፈኑን አይነግራችሁም። ከላይ ያለችውን ሴት ያዳናት አምስት በአምስት መሆኑ አልነበረም፤ የቀላሉ ምት መዛወርና የሽ ድምፅ ናቸው።

ስለዚህ ከልኩ የሚያፈነግጠውን ፈልጉ። ዘፋኙ በስንኙ መሃል «ወይ» ወይም «ነይ» የሚል ትርፍ ምት ይጨምራል? የመጨረሻውን ቃል ይደግማል? ስንት ጊዜ? ግማሹን ስንኝ ቆርጦ ለሙዚቃው ይተወዋል? ለማያውቀው ሰው ስትነግሩ ከዚህ ጀምሩ። «ሁለተኛው ግማሽ ሦስት ጊዜ ይደገምና አራተኛው ላይ ይቆረጣል» ያለ ደዋይ የዘፈኑ ስም በጣም ቶሎ ይነገረው ነበር፤ አንድም ቃል ሳያስታውስ።

አንድም ትርፍ፣ አንድም ጉድለት የሌለው ስንኝ ከሆነ የያዛችሁት፣ እሱን አቆዩትና ከዚያው ዘፈን ሌላ መስመር እስኪመጣላችሁ ጠብቁ። አዝማቹን ከያዛችሁ ከአዝማቹ በኋላ የሚገባውን የመጀመሪያ ምት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ልኩ የሚለወጠው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፈጠን ብለው ለሚሄዱ ዘፈኖች ነው። በቀስታ በሚዘፈን ዘፈን ዘፋኙ አንዱን ቀለም አራትና አምስት ድምፅ ላይ እያንሸራተተ ይጎትተዋል፤ ቀላሉንም ያከብደዋል፣ የተኛውንም ሳድስ ቀስቅሶ ያስመታዋል። እንዲህ ያለውን ስትቀዱ ምላሳችሁን ተከታተሉ፤ ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ምላሳችሁ እንደ አዲስ ካልተነሳ ያ ሁሉ አንድ ቀለም ነው። የክብደቱን ወንፊት ግን እዚያ አትጠቀሙበት፤ የሚዘጉትን ድምፆችና የትንፋሹን ቦታ ብቻ ያዙ።