34 ስላይድ በ10 ደቂቃ፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት ወደ ንግግር ሲቀየር የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

አዘዞ አካባቢ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ እንውሰድ። ፋብሪካውም ቁጥሮቹም ለምሳሌ ያህል የተዘጋጁ ናቸው። ጥር ላይ፣ የጥምቀት ግርግር ጋብ ሲል፣ ቦርዱ ጎንደር ከተማ ይሰበሰባል። ሥራ አስኪያጇ የሁለተኛውን ሩብ ዓመት አፈጻጸም ያቀርባሉ። የተሰጣቸው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ በእጃቸው ያለው 34 ስላይድ። ንግግሩን የሚጽፍላቸው የዕቅድ ክፍሉ ባለሙያ ነው። እናንተም በእሱ ቦታ ከሆናችሁ፣ ከታች ያሉት ችግሮች አንዱ ወይም ሌላው ሳይገጥማችሁ አይቀርም።

ችግር 1፦ ሲቆጠር ልክ የሆነው ጽሑፍ ሲነበብ 13 ደቂቃ ይፈጃል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቁጥሮቹ ነው። ኮምፒውተሩ «47,386,250 ብር» የሚለውን ሁለት ቃል ብሎ ይቆጥረዋል። አፍ ግን እንዲህ ይለዋል፦ «አርባ ሰባት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር።» 12 ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር 25 ቦታ ካለ፣ ማንም ያልቆጠረው 250 ቃል ተጨመረ ማለት ነው።

መፍትሔው ቁጥሩን እንደሚነገረው በፊደል መጻፍ ነው። ያኔ ርዝመቱ ራሱ «አሳጥረኝ» ይላችኋል። «ወደ አርባ ሰባት ሚሊዮን ብር» ይበቃል፤ ሙሉው ቁጥር ስላይዱ ላይ አለ።

ከዚያ ፍጥነቱን ለኩ። የምትለኩት ግን የራሳችሁን ሳይሆን የተናጋሪዋን ነው። አንድ ገጽ ይሰጣቸው፣ ድምፃቸውን አውጥተው ያንብቡ፣ በአንድ ደቂቃ የት እንደደረሱ ምልክት አድርጉ። 95 ቃል ካነበቡ በ8 ደቂቃ ተኩል አባዙት፤ ወደ 800 ቃል ይመጣል። የጽሑፋችሁ ጣሪያ ይህ ነው። የቀረው ደቂቃ ተኩል ስላይድ ለመቀየር፣ ለትንፋሽና ለዘገየ ፕሮጀክተር ነው።

ችግር 2፦ ንግግሩ አልቆ ሰብሳቢው «እና ምን እንድናደርግ ነው የፈለጋችሁት?» ይላሉ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

መነሻው ጸሐፊው ከስላይድ 1 ጀምሮ እየተከተለ መጻፉ ነው። ስላይዶቹ የተደረደሩት በክፍል ነው፦ ሽያጭ፣ ምርት፣ ጥገና፣ ሰው ኃይል፣ ፋይናንስ። ሁሉም ክፍል የራሱን አስገብቷል። ምክንያቱ አንድ ቦታ፣ ውጤቱ ሌላ ቦታ፣ ጥያቄው መጨረሻ ላይ ተበትነው ይቀራሉ። በቅደም ተከተል የተጻፈ ንግግርም ያንኑ ብትንትን ጮክ ብሎ ማንበብ ይሆናል።

መፍትሔው ከኋላ መጀመር ነው። ቦርዱ በዚህ ስብሰባ የሚወስነው ምንድን ነው? በምሳሌያችን ስላይድ 31 ላይ የጄነሬተር ግዢ ጥያቄ አለ፤ 6.5 ሚሊዮን ብር። በሉ አሁን ወደ ኋላ ሂዱ፤ ይህን ጥያቄ የሚያስረዱት የትኞቹ ስላይዶች ናቸው?

ስላይድ 4 ሽያጭ ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት በ15 በመቶ ማደጉን ያሳያል፤ ከ41.2 ሚሊዮን ወደ 47.4 ሚሊዮን። ደስ ይላል። ስላይድ 11 ግን የተሸጠው ዱቄት ከ10,000 ኩንታል ወደ 9,000 መውረዱን ይናገራል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጡ እውነቱ ይወጣል። የአንድ ኩንታል አማካይ ዋጋ ከ4,120 ብር ወደ 5,265 ገደማ ወጥቷል። ብሩን ያሳደገው ዋጋ እንጂ ሥራው አይደለም።

ዱቄቱ ለምን ቀነሰ? ስላይድ 19 መብራት የጠፋበትን ሰዓት ይዟል፤ ዘንድሮ 220፣ አምና 40። ልዩነቱ 180 ሰዓት ነው። ወፍጮው በሰዓት 5 ኩንታል ካመረተ 900 ኩንታል ይሆናል። ከጠፋው 1,000 ኩንታል አብዛኛው እዚህ ተገኘ። የአምናው ሰዓት ስላይዱ ላይ ባይኖር ኖሮ ግን «ምክንያቱ መብራት ነው» ማለት አይቻልም ነበር፤ መብራት አምናም ይጠፋል። ስለዚህ ስትጽፉ የጎደለውን ቁጥር ከጥገና ክፍሉ ጠይቃችሁ አምጡ።

አሁን አራት ስላይድ ተመርጧል። ንግግሩ እንዲህ ይከፈታል፦

«በዚህ ሩብ ዓመት ብራችን ጨምሯል፤ ዱቄታችን ቀንሷል። ዋናው ምክንያት የመብራት መቆራረጥ ነው። ዛሬ የምንጠይቃችሁ የጄነሬተር ግዢ እንድታጸድቁልን ነው።»

ይህ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ቀጥሎ ለብሩና ለኩንታሉ ሦስት ደቂቃ፣ ለመብራቱ ሁለት፣ ለጄነሬተሩ ሦስት ስጡ። ጄነሬተሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 900 ኩንታል በአሁኑ ዋጋ ወደ 4.7 ሚሊዮን ብር ነው፤ ይህ ግን ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ስንዴውም ናፍጣውም ይቀነስለታል። «በአንድ ሩብ ዓመት ወጪውን ይመልሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከገባ፣ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ የቦርድ አባል ንግግሩን በሙሉ ያፈርሰዋል።

የቀሩት 30 ስላይዶች አይጣሉም። ለጥያቄ ይቆያሉ፤ በንግግሩ ግን አይነሱ። የሰው ኃይል ክፍሉ ቅር ይለው ይሆናል። አስቀድማችሁ ንገሩት።

ችግር 3፦ ተናጋሪዋ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አድማጩም ይደክማል

ጽሑፉ የደብዳቤ አማርኛ ነው። ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦

«የድርጅቱ የሽያጭ ገቢ ካለፈው በጀት ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር፣ ምንም እንኳ በኃይል አቅርቦት መቆራረጥ ምክንያት የምርት መጠን የቀነሰ ቢሆንም፣ የ15 በመቶ ዕድገት ያስመዘገበ መሆኑን ለመገንዘብ ተችሏል።»

አድማጩ «አደገ» ወይስ «ቀነሰ» የሚለውን ለመስማት እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። እስኪደርስ መነሻው ይጠፋበታል። አንባቢ ተመልሶ ያያል፤ አድማጭ አይችልም። ቆራርጡት፦

«ሽያጫችን በብር አድጓል። አምና በዚህ ወቅት ወደ አርባ አንድ ሚሊዮን ነበር። ዘንድሮ አርባ ሰባት ሚሊዮን ደርሷል። የሸጥነው ዱቄት ግን ቀንሷል። ከአሥር ሺህ ኩንታል ወደ ዘጠኝ ሺህ ወርዷል።»

«ሁለተኛው ሩብ ዓመት» የሚለውንም አንድ ጊዜ «ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ» ብላችሁ አፍታቱት። ከቦርዱ አባላት ነጋዴዎቹ የሚያስቡት በወር ነው።

ችግር 4፦ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «እሱ ቁጥር ከስላይዱ ጋር አይገጥምም» ይላል

አብዛኛውን ጊዜ የስላይዱ ቁጥር ልክ ነው፤ የሚያሳስተው አነጋገሩ ነው። ስላይድ 14 የማምረት አቅም አጠቃቀም ከ80 በመቶ ወደ 72 መውረዱን ያሳያል። ተናጋሪዋ «በስምንት በመቶ ቀነሰ» ካሉ ስህተት ነው፤ የ80 ስምንቱ አሥር በመቶ ነውና። ከዚህ ወጥመድ የምታመልጡት ልዩነቱን ትታችሁ ሁለቱን ጫፎች በመናገር ነው፦ «ከሰማንያ ወደ ሰባ ሁለት ወረደ።»

ሌላው የሚጠበቅ ጥያቄ የጥምቀት ነው። «ዳቦ ቤቶቹ ለእንግዳ ብዙ ዱቄት አልገዙም እንዴ?» ይባላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ጥር ደግሞ ሦስተኛው ሩብ ዓመት ውስጥ ይገባል። በጥር የተሸጠው በዚህ ሪፖርት የለም፤ የገባው እስከ ታኅሣሥ 30 የወሰዱት ብቻ ነው። ይህችን መልስ ከንግግሩ ውጭ በተለየ ወረቀት ጽፋችሁ ከ11ኛው ስላይድ ቁጥሮች ጋር ለሥራ አስኪያጇ ስጧቸው።