ሁለት አሽከርካሪዎች አጥፍተው እርስዎ ብቻ ሲከሰሱ ምን ያደርጋሉ?

ድሬዳዋ ላይ፣ ደቻቱ ድልድይ አካባቢ እንዲህ ያለ አደጋ ደረሰ እንበል። አንድ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ከውስጥ መንገድ ወደ ዋናው አስፋልት ይወጣል። ኢሱዙ ደግሞ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እየበረረ ይመጣል። ይጋጫሉ። ባጃጁ ተገፍቶ መንገድ ዳር የቆመች ሴት ላይ ይወድቅና እግሯ ይሰበራል። ለሕክምና 180,000 ብር ታወጣለች። ሥራ ፈትታ በቆየችባቸው ወራት ደግሞ 120,000 ብር ገቢ ታጣለች። በድምሩ 300,000 ብር መሆኑ ነው።

ሴትየዋ የኢሱዙውን ባለንብረት ብቻ ትከሳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባጃጁ ባለቤት የሚያዝበት ንብረት የለውም፤ ኢሱዙው ግን አለ።

እርስዎ የኢሱዙው ባለንብረት ነዎት እንበል። መጀመሪያ አፍዎ ላይ የሚመጣው «ባጃጁስ? ግማሹን እሱ ይክፈል እንጂ!» ነው። ብዙ ሰው ይህንኑ የመከላከያ መልሱ ላይ ጽፎ ይገባል። ሴትየዋን ግን አይመለከታትም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መሪውን የያዘው ሾፌሩ ቢሆንም። ቁጥር 2155 ደግሞ ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ ከሆኑ ሁሉም ያልተነጠለ ኃላፊነት አለባቸው ይላል። ይህ ማለት ተጎጂዋ 300,000 ብሩን በሙሉ ከእርስዎ፣ በሙሉ ከባጃጁ ባለቤት፣ ወይም ከሁለታችሁም መጠየቅ ትችላለች። ምርጫው የእሷ ነው። ሁለቴ መቀበል ግን አትችልም፤ አንዱ የከፈለው ከሌላው ዕዳ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ «ባጃጁ አብሮ ካልተከሰሰ ክሱ ይዘጋ» የሚል መቃወሚያም ጊዜ ከማባከን ውጪ የሚፈይደው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንቀጽ አለ፤ ቁጥር 2084። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ እኩል እንዳጠፉ ይገመታል፣ የየባለቤቶቹም ድርሻ ግማሽ ግማሽ ነው ይላል። ይህ ክፍፍል የሚጠቅምዎ ከባጃጁ ባለቤት ጋር ሒሳብ ስትተሳሰቡ ነው። መንገድ ዳር ቆማ የነበረችውን ሴት «ግማሽሽን ከወዲያ ፈልጊ» ለማለት አያገለግልም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ መጥሪያውን ያንብቡና የመከላከያ መልስ የሚቀርብበትን ቀን ይያዙ። ቀኑ ካለፈ የቀረው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም። በዚያው ሳምንት የክሱን ኮፒ አያይዘው ለኢንሹራንስዎ በደብዳቤ ያሳውቁ፤ የደብዳቤዎ ቅጂ ላይም ገቢ ያስደርጉበት። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚከፍለው በጣሪያ የተወሰነ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለው እርስዎ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ማስረጃ ይሰብስቡ። ከሁሉም የሚበልጠው ትራፊክ ፖሊስ በቦታው ያነሳው ፕላን ነው። ግጭቱ በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ፣ የጎማው ፍሬን ምልክት ከየት ተነስቶ የት እንደቆመ ይዩ። በእኛ ምሳሌ ፕላኑ ሁለቱንም ያጋልጣል። ግጭቱ የኢሱዙው መስመር ላይ ነው፤ ባጃጁ ቅድሚያ አልሰጠም ማለት ነው። የፍሬኑ ምልክት ደግሞ ረጅም ነው፤ ኢሱዙውም ይበር ነበር ማለት ነው። ከዚያ የባጃጁን ታርጋ ይዘው በሊብሬው ላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያጣሩ። ሹፌሩና ባለቤቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው የተለመደ ነው፤ የሚፈልጉት ሁለቱንም ነው። «የባጃጁ ሹፌር በወንጀል ክሱ ነፃ ወጥቷል» ቢሉዎት ተስፋ አይቁረጡ። በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ችሎቱ ወንጀል ችሎቱ በሰጠው የነፃነት ውሳኔ አይታሰርም።

አሁን ዋናው እርምጃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 43 ተከሳሽ «ይህን ዕዳ የሚጋራኝ ወይም የሚተካልኝ ሌላ ሰው አለ» ካለ ያ ሰው ወደ ክርክሩ እንዲገባ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ጥያቄው የሚቀርበው ከመከላከያ መልሱ ጋር ነው። የባጃጁን ጥፋት በታሪክ መልክ መተረክ ብቻውን አይበቃም፤ ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«አደጋው የደረሰው የባጃጁ ሹፌር ቅድሚያ ባለመስጠቱ ጭምር ስለሆነ፣ ሹፌሩና የባጃጁ ባለንብረት በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 43 መሠረት ወደ ክርክሩ እንዲገቡ፣ ተከሳሽ እንዲከፍል ከተወሰነም ድርሻቸውን እንዲተኩ ይወሰንልኝ።»

ኢንሹራንስዎም በዚሁ መንገድ ወደ ክርክሩ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ሳያደርጉ ቢቀሩ መብቱ አይጠፋም። ከፍለው ሲያበቁ በባጃጁ ላይ ሌላ ክስ መክፈት ይችላሉ። ችግሩ ባጃጁ በመጀመሪያው ክርክር ስላልነበረ ጥፋቱን እንደገና ከዜሮ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ያኔ ምስክሮቹ ከተማ ሊለቁ፣ ያዩትንም ሊረሱ ይችላሉ።

ተጎጂዋን ራሷን የሚነካ መከላከያ አንድ አለ፤ እሷም አጥፍታ ከነበረ። ለምሳሌ መሃል አስፋልት ላይ ቆማ ከነበረ ካሳው በጥፋቷ ልክ ሊቀነስ ይችላል። በእኛ ምሳሌ ግን ዳር ላይ ነበረች፤ ስለዚህ ይህን ባያነሱት ይሻላል። ዳኛ ፊት ተጎጂን ያለ ማስረጃ መወንጀል ለማንም አይበጅም። በነገራችን ላይ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በቁጥር 2116 ጣሪያው እስከ 1,000 ብር ነው። በ1952 ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀልድ ይመስላል። ክርክሩ የሚሞቀው በሕክምና ደረሰኝና በጠፋው ገቢ ላይ ነው።

ውሳኔ ሲሰጥ ሒሳቡ በሁለት ደረጃ ነው። ለተጎጂዋ፦ እርስዎ 300,000 ብር ይከፍላሉ። በእናንተ መካከል፦ የማን ጥፋት እንደሚያመዝን ካልተረጋገጠ እያንዳንዳችሁ እኩል 150,000 ብር ትሸከማላችሁ። ፍርድ ቤቱ በፕላኑ ተመሥርቶ ባጃጁን 60 በመቶ፣ ኢሱዙውን 40 በመቶ ጥፋተኛ ካደረገ ደግሞ የእርስዎ ድርሻ 120,000 ብር ብቻ ነው። የከፈሉትን ትርፍ 180,000 ብር ከባጃጁ ባለቤት ይጠይቃሉ። እሱ ድሃ ከሆነ የሚደርሰው ኪሳራ የእርስዎ ነው። ሕጉ ይህን የኪሳራ ስጋት ከተጎጂዋ ላይ አንስቶ በእርስዎ ላይ ጥሎታል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሰምተው ባይወዱትም።

አንድ ነገር በተለይ ድሬ ላይ ይጠንቀቁ። ጉዳዩ ችሎት ላይ እያለ ሽማግሌ ገብቶ የባጃጁ ባለቤት ለሴትየዋ 50,000 ብር ይከፍላል፤ ይታረቃሉ፤ እርስዎ ግን አልሰሙም። ያ ገንዘብ ከ300,000 ብሩ ላይ መቀነስ አለበት። ዳኛው ግን በራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ጠይቀው የእርቅ ወረቀቱን ኮፒ ያግኙ፤ ካልሰጡዎት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ ያመልክቱ። እርስዎም በሽምግልና የሚከፍሉ ከሆነ ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ወረቀቱም ላይ ገንዘቡ ለየትኛው አደጋ እንደተከፈለ፣ የባጃጁን ባለቤት ድርሻውን የመጠየቅ መብትዎም እንደተጠበቀ ይጻፍ።