የመርከብ፣ የአውሮፕላንና የዋልታ ጣቢያ ሰዓት ከቤታችን ሰዓት ጋር ሲጣረስ፦ ችግርና መፍትሄ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ልጃቸው በንግድ መርከብ ላይ የተቀጠረ ቤተሰቦች የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ በቀጠሮው ሰዓት ሲደውሉ ልጁ ወይ ተኝቷል ወይ ተራ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያተኩረው በዚህ ችግር ላይ ሲሆን፣ የአውሮፕላኑና የዋልታው ጉዳይ ምክንያቱ ቀለል ስለሚል ከእርሱ ቀጥሎ ባጭሩ ቀርቧል።

ችግር፦ ትናንት ልክ የነበረው ቀጠሮ ዛሬ በአንድ ሰዓት ተዛነፈ

ልጁ «ከተራዬ የምወጣው በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ የነገራችሁ ሰዓት ለጥቂት ቀናት ሲሠራ ይቆይና በድንገት አንድ ሰዓት ይስታል፤ ሌላ ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ድፍን ሰዓት ከሆነና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሰፋ ከሄደ፣ ጥፋቱ የስልኩም የኔትወርኩም አይደለም። መርከቡ የሰዓት ክልል እየተሻገረ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ12 የባሕር ማይል የባሕር ዳርቻ ክልል ውስጥ የዚያው አገር ሰዓት የሚሠራ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ባለው ውቅያኖስ ላይ ግን የማንም አገር ሰዓት አይገዛም። በ1917 እ.ኤ.አ. የተካሄደ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጉባኤ ባሕሩ እያንዳንዳቸው 15 የኬንትሮስ ዲግሪ ስፋት ባላቸው ክልሎች እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ፤ ትልልቅ የመርከብ ኃይሎችም በተከታዮቹ ዓመታት ተቀበሉት። በዚህ መሠረት መርከቡ ያለበትን ኬንትሮስ ለ15 አካፍሎ ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር በማጠጋጋት፣ የመርከቡ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ማለትም ከዩቲሲ፣ በስንት እንደሚለይ ማወቅ ይቻላል። በምሥራቅ ኬንትሮስ ከሆነ ይደመራል፣ በምዕራብ ከሆነ ይቀነሳል።

ሆኖም ስሌቱ ግምት እንጂ ትእዛዝ አይደለም። መርከቡ መስመሩን ስላለፈ ብቻ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አይለወጥም፤ መቼ እንደሚለወጥ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው። ውሳኔው `CLOCKS ADVANCE 1 HOUR TONIGHT` በሚል ዓይነት ማስታወቂያ በመመገቢያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለውጡ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ይደረጋል፤ አንዳንድ መርከብ ላይ ግን የአንድ ተረኛ ቡድን እንቅልፍ ብቻ እንዳይጎዳ ሰዓቱ በሃያ ሃያ ደቂቃ ለሦስት ተራዎች ይከፋፈላል። ከሬዲዮው አጠገብ ያለው ሰዓት ግን የሬዲዮ መዝገብ የሚጻፈው በዩቲሲ ስለሆነ አይነካም። የልጁ ስልክም አያስተማምንም፤ መሐል ባሕር ላይ የሞባይል ማማ ስለሌለ በእጅ ካልተስተካከለ በቀድሞው ክልል ላይ ይቀራል፣ ወደ ዳርቻ ሲቀርብ ደግሞ የየብሱን ማማ አግኝቶ በድንገት ይዘላል።

መፍትሄው ልጁን «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «መርከቡ ዛሬ ከዩቲሲ በስንት ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዩቲሲው ከታወቀ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 መቀነስ ብቻ ይበቃል። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ይበልጣል፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ በ6 ያንሳል፤ ተቻችለው 3 መቀነስ ይሆናሉ። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነሳል፣ ለመቀነስ ካነሰ አስቀድሞ 12 ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስቱን ደምሮ ስድስቱን መቀነስ ስለሚረሳ ነው።

ከጅቡቲ ወደ ሲንጋፖር የሚጓዝ መርከብን እንውሰድ፤ ልጁ በመርከቡ ሰዓት ከ16:00 እስከ 20:00 ተረኛ ነው እንበል። ጅቡቲ ሲነሱ የመርከቡ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ስለሚበልጥ፣ 20:00 ማለት በዩቲሲ 17:00፣ በደሴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከስሪላንካ በስተደቡብ 80 ዲግሪ ምሥራቅ ሲደርሱ 80 ለ15 ሲካፈል 5.3 ስለሚሆን ልዩነቱ 5 ይሆናል፤ ያው 20:00 አሁን በዩቲሲ 15:00፣ በደሴ 12 ሰዓት ነው። 82.5 ዲግሪን ካለፉ በኋላ 11 ሰዓት ይሆናል። ሲንጋፖር በስሌቱ 7 ላይ ብትውልም በሕግ የምትጠቀመው 8ን ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርሱ ልጁ ከተራው የሚወጣው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እናትየው በለመደችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ብትደውል፣ እዚያ ሌሊት 1:00 በመሆኑ ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች። መርከቡ በጉዞው መካከል ኮሎምቦ ወደብ ከገባ ደግሞ የስሪላንካ ሰዓት በ5 ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ስለሆነ የግማሽ ሰዓት መዛነፍ ያጋጥማል፤ ይህም ስሕተት አይደለም።

ችግር፦ ልጁ የሚናገረው ቀን ከእኛ ቀን አይገጥምም

መርከቡ ፓስፊክን እያቋረጠ ከሆነ ምክንያቱ የ180 ዲግሪ መስመር ነው። ከእስያ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ሲመለስ አንድ ቀን ይዘለላል። እዚህም የቀጠሮው ቀን በዩቲሲ ከተነገረ አለመግባባቱ ይቀራል።

ችግር፦ የአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ ያሉት ሰዓቶች ሲቀናነሱ ከበረራው ርዝመት ጋር አይስማሙም

በበረራ ላይ የመንገደኛ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚነጋገሩት በዩቲሲ ሲሆን፣ ቲኬቱ ግን የመነሻውን በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻውን በመድረሻው ከተማ ሰዓት ያሳያል። ከዱባይ በ22:00 ተነስቶ አራት ሰዓት የሚበር አውሮፕላን ቦሌ የሚያርፈው በ2:00 ሳይሆን በ1:00 ነው፤ ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለችና።

ከዚህ የሚብሰው የቀኑ ስሕተት ነው። ቲኬቱ በ11ኛው ቀን 1:00 ካለ፣ ያ ማለት በ10ኛው ቀን ማታ ለ11 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቁጥሩን እንዳለ «አንድ ሰዓት» ብሎ ያነበበ ዘመድ እንግዳው ካረፈ ከስድስት ወይም ከአሥራ ስምንት ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከደሴ የሚነሳ ሰው በ10ኛው ቀን ጠዋት መንገድ ቢጀምር ይሻለዋል። የበረራ መከታተያ መተግበሪያው ከሰዓቱ አጠገብ `UTC` ወይም `Z` ካሳየ፣ ከላይ እንዳለው 3 መቀነስ ነው።

ችግር፦ የዋልታ ምርምር ጣቢያ ሰዓት በካርታ ስሌት አይገኝም

ዋልታው ላይ የኬንትሮስ መስመሮች ሁሉ ስለሚገናኙ ለ15 ማካፈል ትርጉም ያጣል፤ ፀሐይም በዓመት አንዴ ወጥታ አንዴ ስለምትጠልቅ ጠዋትና ማታን አትለይም። ስለዚህ ጣቢያው በአብዛኛው ስንቅና ሰው የሚላክበትን አገር ሰዓት ይይዛል። በደቡብ ዋልታ ያለው የአሜሪካው አሙንድሰን ስኮት ጣቢያ የሚያያዘው ከኒውዚላንድ ጋር ስለሆነ ሰዓቱ የኒውዚላንድ ነው። እዚያ 10:00 ላይ የተያዘ የቪዲዮ ስብሰባ በጥር በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በሐምሌ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ኒውዚላንድ በበጋዋ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ስለምትገፋ ቀጠሮ ሲያዝ ወሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንታርክቲክ ባሕረ ገብ መሬት በኩል የሚገኘው ፓልመር ጣቢያ ግን ከቺሊዋ ፑንታ አሬናስ ጋር ስለሚሠራ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ያንሳል። ይህ የእኛው ቅናሽ ራሱ ስለሆነ ምንም ስሌት አያሻም፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ጠዋት 10ን ሲያሳይ ደሴም ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።